ሰባት ገጽ ጽሑፍ እንዴት ዘጠኝ ስላይድ ይሆናል?

«ሐይቅ ከተማ የታሪክ መምህር ነኝ። ስለ ውጫሌ ውል የጻፍኩት 7 ገጽ ጽሑፍ አለኝ። ደሴ ላይ ለመምህራንና ለተማሪዎች በ15 ደቂቃ እንዳቀርበው ተጠየቅኩ። አንዱን ፓራግራፍ አንድ ስላይድ እያደረግኩ ስሠራው 26 ስላይድ ሆነ። እንዲገባልኝ ብዬ ፊደሉን እስከ 14 አሳነስኩት። በአንድ ስላይድ አንድ ሐሳብ ይባላል፤ እኔ ጋ ግን ሁሉም አስፈላጊ ነው። ምኑን ልቁረጥ? ፊደሉስ እስከ ስንት ቢያንስ ይነበባል? አንዱን ፓራግራፍ ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ።»

የፊደሉን ጉዳይ ለጊዜው ይተዉት። መጀመሪያ የተሳሳተው አንድ ፓራግራፍ አንድ ሐሳብ ነው የሚለው ግምት ነው። ተማሪዎቻችንን እንደዚያ ጻፉ እንላቸዋለን። ተጨምቆ የተጻፈ ጽሑፍ ላይ ግን አይሠራም። አንዱ ፓራግራፍ ሦስት ሐሳብ ተሸክሞ ይገኛል። ሌላ ቦታ ደግሞ ሦስት ፓራግራፍ ሙሉ አንድን ሐሳብ ብቻ ያብራራል። ስለዚህ ፓራግራፍ እየቆጠሩ ስላይድ ሲሠሩ፣ አንዱ ስላይድ ጢም ብሎ ይሞላል፤ ቀጣዮቹ ሦስቱ ያንኑ ይደጋግማሉ።

ሁለተኛው ስሕተት «ሐሳብ» የሚለው ቃል ላይ ነው። «የውጫሌ ውል አመጣጥ» ርዕስ ነው። «አንቀጽ 17»ም ርዕስ ነው። ርዕስ ሥር የፈለጉትን ያህል ነገር መክተት ይቻላል። ስላይዱ የሚጨናነቀውም በዚህ ነው። ሐሳብ የምለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሆኖ፣ አንድ አድማጭ እጁን አውጥቶ «እንዴት? ማስረጃህ ምንድን ነው?» ሊልበት የሚችለውን ነው። «አንቀጽ 17» ቢሉት ማንም አይጠይቅዎትም። «አንቀጽ 17 በአማርኛውና በጣሊያንኛው ቅጂ አንድ ነገር አይልም» ቢሉ ግን ማስረጃ ማሳየት ይኖርብዎታል። ያ ዓረፍተ ነገር የስላይዱ አርዕስት ይሆናል። ማስረጃው ደግሞ ከሥሩ ይገባል። ሌላ ነገር እዚያ ስላይድ ላይ ቦታ የለውም።

የላኩልኝን ፓራግራፍ ይዘን እንየው። እንዲህ ይላል፦

«ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመውና 20 አንቀጾች ያሉት ውል፣ ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ከወደቁ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ምኒልክ ሥልጣናቸውን ለማጽናት በሚጥሩበት ወቅት የተደረገ ሲሆን፣ በአንቀጽ 17 ላይ በአማርኛውና በጣሊያንኛው ቅጂ መካከል የታየው ልዩነት፣ ይኸውም አማርኛው ‹ይቻላቸዋል› ሲል ጣሊያንኛው እንደ ግዴታ መነበቡ፣ ጣሊያን ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት እንድታሳውቅ በር ከፍቷል።»

እንደ ጽሑፍ ጥሩ ነው። አንባቢ ቆም ብሎ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ያነበዋል። አዳራሽ የተቀመጠ ሰው ግን መመለስ አይችልም። አሁን እርሳስ ይያዙና እያንዳንዱ ቁራጭ ምን እያለ እንደሆነ በኅዳጉ ላይ በአጭር ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። እኔ ስሠራው ሦስት ወጣ። ውሉ የተፈረመው ምኒልክ ዙፋናቸውን ሳያጸኑ ነው፤ ይህ አንድ። አንቀጽ 17 በሁለቱ ቋንቋ አንድ አይደለም፤ ይህ ሁለት። ጣሊያን በዚህ ልዩነት ተጠቅማ የኢትዮጵያ ሞግዚት ነኝ አለች፤ ይህ ሦስት። «20 አንቀጾች ያሉት» የሚለው ከሦስቱም ጋር የለም። እውነት ነው፤ ግን ለአንዱም ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ከስላይድ ይወጣል። በቃል ሊናገሩት ይችላሉ።

«ምኑን ልቁረጥ?» ላሉት መልሱ እዚህ ላይ ነው። «የትኛው አስፈላጊ ነው?» ብለው ከጠየቁ፣ ለጻፈው ሰው ሁሉም አስፈላጊ ነው። ጥያቄውን ይቀይሩት። «ይህ ከላይ ላለው ዓረፍተ ነገር ማስረጃ ነው ወይ?» ይበሉ። መልሱ አይደለም ከሆነ ያ ነገር ከዚያ ስላይድ ይውጣ። የሌላ ስላይድ ማስረጃ ከሆነ ወደዚያ ይሄዳል። የማንም ካልሆነ በወረቀቱ ላይ ይቅር።

ሰባቱንም ገጽ እንደዚህ ከሄዱበት ኅዳጉ ላይ ሃያና ሠላሳ ዓረፍተ ነገር ይሰበሰባል። ተመሳሳዩን አንድ ላይ ያድርጉ። አንዱ የሌላው ማስረጃ ብቻ ከሆነ ከሥሩ ይግባ። ከዚያ የቀሩትን በተራ ቁጥር ጽፈው ጮክ ብለው ያንብቡ። እርስዎ በነገሩኝ የጽሑፉ አካሄድ መሠረት እኔ እንዲህ አድርጌዋለሁ፦

1. ጣሊያን ከውሉ በፊትም ከቀይ ባሕር ወደ ውስጥ እየገፋች ነበር
2. ውሉ የተፈረመው ምኒልክ ዙፋናቸውን ሳያጸኑ ነው
3. ሁለቱም ወገን ከውሉ የሚፈልገው ነገር ነበረው
4. አንቀጽ 17 በሁለቱ ቋንቋ አንድ አይደለም
5. ጣሊያን በልዩነቱ ተጠቅማ ሞግዚት ነኝ አለች
6. ምኒልክ ይህን ያረጋገጡት ከአውሮፓ በመጣ ደብዳቤ ነው
7. ንግግር ስላልፈታው ምኒልክ ውሉን ሰረዙ
8. አንቀጽ 17 ለአድዋ አንዱ ምክንያት እንጂ ብቸኛው አይደለም
9. ከአድዋ በኋላ የውጫሌ ውል በሌላ ውል ፈረሰ

አርዕስቶቹ ብቻቸውን ሲነበቡ ነገሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መሄድ አለበት። አንድ ቦታ ላይ «ከዚያስ? ይህ ከየት መጣ?» ካሰኘዎት ወይ አንድ ሐሳብ ጎድሏል፣ ወይ ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል። ይህን ንባብ ጽሑፉን ላላየ ሰው ያድርጉት። የሂሳብ መምህር ጓደኛዎ ቢሆን ይመረጣል። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው የጎደለውን ራሱ ሞልቶ ስለሚሰማ ክፍተቱን አያይልዎትም።

ዘጠኝ ያልኩት ሰዓቱን አይቼ ነው። አራተኛው ስላይድ ሦስት ደቂቃ ይወስዳል፤ የጽሑፍዎ እምብርት እሱ ነው። የቀሩት ስምንቱ አንድ ደቂቃ ከሩብ ገደማ ቢወስዱ ዐሥር ደቂቃ ይሆናሉ። ሁለት ደቂቃ ይተርፍዎታል። እሷን በሌላ ስላይድ አይሙሏት። አንድ ሰው ሳይጠይቅዎት አይቀርም።

አሁን ወደ ነጥቦቹ እንምጣ። በአንድ ስላይድ ከሦስት አይለፉ። «አንድ ነጥብ ከስድስት ቃል አይብለጥ» የሚል ምክር በብዛት ይሰጣል። እሱ ለእንግሊዝኛ የወጣ ነው። የአማርኛ ቃል ከባድ ነው፤ «እንዳላሳወቋቸው» የምትለው አንዷ ቃላችን በእነሱ አንድ ሙሉ ሐረግ ትሆናለች። ስለዚህ በአማርኛ አራት ቃል፣ ቢበዛ አምስት ይበቃል።

ሌላም የእኛ ቋንቋ ነገር አለ። ግሳችን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ረጅም ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ ሲቆረጥ ግሱ አብሮ ይሄድና ማን ምን እንዳደረገ ይጠፋል። «ጣሊያን ለአውሮፓ መንግሥታት ስለ ኢትዮጵያ» ብሎ የቆመ ነጥብ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! መፍትሔው ዓረፍተ ነገሩን መቁረጥ ሳይሆን ወደ ስም መለወጥ ነው። «ምኒልክ በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. ዘውድ ደፉ» የሚለው «ጥቅምት 1882፦ የምኒልክ ዘውድ» ይሆናል። አንዱን ነጥብ በስም ከጨረሱ የቀሩትንም በስም ይጨርሱ። አንዱ በ«ነው»፣ ሌላው በ«መፈረም»፣ ሦስተኛው በ«ሲሆን» ሲያልቅ የአድማጩ ዓይን ይደናቀፋል።

ሁለተኛው ስላይድ ተሠርቶ ሲያልቅ ይህን ይመስላል፦

ውሉ የተፈረመው ምኒልክ ዙፋናቸውን ሳያጸኑ ነው
• መጋቢት 1881፦ የዐፄ ዮሐንስ ሞት፣ መተማ
• ሚያዝያ 25፦ የውሉ ፊርማ፣ ውጫሌ
• ጥቅምት 1882፦ የምኒልክ ዘውድ፣ እንጦጦ

አድማጩ ሦስቱን ቀኖች አይቶ ፊርማው በሞቱና በዘውዱ መሀል እንደወደቀ በራሱ ያያል። እርስዎ ማለት ያለብዎት «ልብ በሉ፣ ሲፈርሙ ገና ዘውድ አልደፉም» ብቻ ነው። ቀኖቹን እያነበቡ አይቁሙ።

አራተኛው ስላይድ ላይ ግን ነጥብ የሚባል ነገር አያስገቡ። እዚያ ሐሳቡ ንጽጽር ነው። ንጽጽር ደግሞ ወደ ታች ሲደረደር አይታይም። ስላይዱን ለሁለት ይክፈሉት። በግራ «አማርኛው» ይበሉና ከሥሩ «ይቻላቸዋል» የምትለውን ቃል ብቻ በትልቁ ይጻፉ። በቀኝ «ጣሊያንኛው» ብለው ከሥሩ «ተስማምተዋል» ይጻፉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ጉዳይ ሁሉ በጣሊያን መንግሥት በኩል ለመሄድ ተስማምተዋል ብሎ፣ ሮም እንደ ግዴታ ያነበበችው ስለሆነ። ሁለት ቃል ትይዩ ቆመው ይታዩ። የቀረውን በአፍዎ ይናገሩ። ተማሪዎች ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይዘው ቢሄዱ እነዚህን ሁለት ቃላት ነው። ውጫሌ ደግሞ ከሐይቅ ወደ ወልድያ ሲወጡ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ብዙዎቹ በአውቶቡስ አልፈዋታል። ሰፈራቸው የተጻፈ ቃል መሆኑን ቢነግሯቸው አይረሱትም።

አሁን በጣም የምሰጋበትን ልንገርዎት። ጽሑፍ ወደ ነጥብ ሲለወጥ መጀመሪያ የሚጠፉት ትንንሾቹ ቃላት ናቸው። «በከፊል»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ከምክንያቶቹ አንዱ»፣ «እንደሚመስለው»። ቦታ ይይዛሉ ተብለው ይቆረጣሉ። የታሪክ ጽሑፍ እውነትነቱ ግን እነሱ ላይ ነው። እርስዎ በጽሑፍዎ የአንቀጽ 17 ውዝግብ ወደ አድዋ ካደረሱ ምክንያቶች አንዱ እንደሆነ በጥንቃቄ ጽፈዋል። በሠሩት ስላይድ ላይ ግን «የአድዋ ጦርነት መንስኤ፦ አንቀጽ 17» ሆኗል። ይህ እርስዎ ያላሉት ነገር ነው! ጣሊያን ምጽዋን የያዘችው በ1877 ነው። ዶጋሊ ላይ ውጊያ የተደረገው በጥር 1879 ነው። ሁለቱም ከውሉ በፊት ናቸው። አንዲት ቃል በትክክል ብትተረጎም ኖሮ ጦርነት አይኖርም ነበር የሚል ተማሪ ይዘው እንዳይወጡ።

ለዚህ የማውቀው አንድ መድኃኒት ነው። ገደብ የሚያበጀውን ቃል ነጥቡ ውስጥ አይሸጉጡት፤ አርዕስቱ ላይ ያውጡት። ስምንተኛውን አርዕስት «አንዱ ምክንያት እንጂ ብቸኛው አይደለም» ያልኩት ለዚህ ነው። ከሥሩ ምጽዋና ዶጋሊ ከነዓመታቸው ይገባሉ። በመጀመሪያው ስላይድ የተነሡ ናቸው፤ እዚህ ሲመለሱ ግን ሥራቸው ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ድግግሞሽ አያሳስብዎት።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የማያያዣ ጉዳይ ነው። በጽሑፍ «ስለዚህም» ብለው ሁለት ነገር ያገናኛሉ። በስላይድ ሁለቱ ነገሮች በየፊናቸው ይቆማሉ፤ ድልድዩ ይጠፋል። ከአምስት ወደ ስድስት ሲያልፉ የሚሉትን አንድ ዓረፍተ ነገር አስቀድመው ይጻፉ። ለምሳሌ «ጣሊያን ለአውሮፓ አሳውቃለች፤ ምኒልክ ግን እስካሁን አያውቁም» ካሉ በኋላ ስላይዱን ይቀይሩ። ከዚያ ምኒልክ መንገሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት እንደጻፉና በጣሊያን በኩል ይሁን የሚል መልስ እንደመጣላቸው ሲያሳዩ፣ አዳራሹ ነገሩን እየጠበቀ ነው የሚሰማዎት። እነዚህን የማሸጋገሪያ ዓረፍተ ነገሮች ከስላይዱ ሥር Notes በሚለው ቦታ ይጻፏቸው። ከስላይድ የወጡ ዝርዝሮችም እዚያው ይግቡ። አድማጭ አያያቸውም፤ እርስዎ ግን አልጣሏቸውም።

ሥራው ላይ አንድ አቋራጭ አለ። ስላይዱን ከፍተው አንድ በአንድ አይጻፉ። ዝርዝሩን በ Word ይሥሩት። ዘጠኙን አርዕስት Heading 1፣ ነጥቦቹን Heading 2 ያድርጓቸው። ፋይሉን አስቀምጠው ይዝጉት፤ ክፍት ከሆነ እምቢ ሊል ይችላል። ከዚያ በ PowerPoint ውስጥ New Slide ከሚለው ሥር ያለችውን ቀስት ተጭነው Slides from Outline የሚለውን ይምረጡ። እያንዳንዱ Heading 1 አንድ ስላይድ ይሆናል፤ Heading 2 ነጥብ ይሆናል። Normal ሆኖ የተጻፈው አይገባም። ይህ ለእርስዎ ጥሩ ነው። ሙሉውን ፓራግራፍ በየአርዕስቱ ሥር Normal አድርገው ቢተዉት ስላይዱ ላይ አይመጣም፤ ዝርዝሩና ጽሑፉ ግን በአንድ ፋይል ይቀመጣሉ። ወደ Notes የሚገባውን ብቻ በእጅ ይገለብጣሉ።

የፊደሉ መጠን አሁን ይመለሳል። ለነጥብ 28፣ ለአርዕስት 36 ይሁን። ከ24 በታች አይውረዱ። የግእዝ ፊደል ልዩነቱ ቅንጣት ምልክት ላይ ነው። «ቢ»ንና «ቤ»ን የሚለየው እግሩ ላይ ያለች ትንሽ ነገር ናት። ፊደሉ 14 ሲሆን ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ ያለ ሰው ሁለቱን አይለያቸውም፤ በግምት ያነባል። የእርስዎ ርዕሰ ጉዳይ ደግሞ የአንዲት ቃል ንባብ ያመጣው ጣጣ ነው። PowerPoint ጽሑፍ ሲበዛበት ፊደሉን በራሱ የሚያሳንስበት ጊዜ አለ። ያንን ሲያዩ ፊደሉን አይጎትቱ። ወደ አርዕስቱ ይመለሱና ከሥሩ የሁለት ሐሳብ ማስረጃ እንዳለ ይፈትሹ። አብዛኛውን ጊዜ አለ።

የፊደል ዓይነቱንም አይርሱት። አንድ ጊዜ ደሴ ላይ በሰው ኮምፒውተር ሳቀርብ ፊደሌ እዚያ አልተጫነም ነበር። አርዕስቶቼ በሙሉ ባዶ አራት ማዕዘን ሆነው ወጡ። እንደ Nyala ወይም Noto Sans Ethiopic ያለ የዩኒኮድ ፊደል ይጠቀሙ። ሲያስቀምጡ ከ File ወደ Options፣ ከዚያ Save ገብተው Embed fonts in the file የሚለውን ምልክት ያድርጉበት። ሁሉም ፊደል ይህን አይፈቅድም፤ ስለዚህ PDF ቅጂም በፍላሽ ይያዙ። ጽሑፍዎ በድሮው የግእዝ ፕሮግራም የተጻፈና ወደ ሌላ ሲገለበጥ የላቲን ፊደል የሚሆን ከሆነ ግን ለማስተካከል አይድከሙ። ዘጠኝ አርዕስትና ሃያ የማይሞላ ነጥብ ነው፤ እንደ አዲስ ይጻፉት።

ስላይድ የማይሸከመውም አለ። የአንቀጽ 17ን ሙሉ ቃል፣ የጣሊያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ ነገሩን ለማለዘብ ተመልሶ ሲመጣ የነበረውን ንግግር ዝርዝር፣ የወሰኑን ጉዳይ በስላይድ ላይ ለማስረዳት አይሞክሩ። እነዚህ የሚነበቡ ናቸው። ሰባት ገጹን እንዳለ አባዝተው ለመምህራኑ ይስጡ፤ ግን ንግግሩ ካለቀ በኋላ። ቀድመው ከሰጡ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ያነባል፣ እርስዎን አይሰማም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። 26ቱን ስላይድ ለማሳጠር አይሞክሩ፤ ይተዏቸው። ከእነሱ እየቀነሱ ዘጠኝ ላይ አይደርሱም፤ እያንዳንዱን ለማዳን ሲታገሉ ጊዜው ያልቃል። ወረቀትና እርሳስ ይያዙና ከኅዳጉ ይጀምሩ። ዘጠኙ አርዕስት ጮክ ተብሎ ተነብቦ ለጓደኛዎ እስኪገባው ድረስ ኮምፒውተሩን አይክፈቱ። የአርዕስቱን ዝርዝር ከማሸጋገሪያ ዓረፍተ ነገሮቹ ጋር በአንድ ገጽ አትመው ኪስዎ ይክተቱ። መብራት ቢሄድ በዚያ ገጽ ብቻ 15 ደቂቃውን መናገር ይችላሉ። «ይቻላቸዋል»ንና «ተስማምተዋል»ን ደግሞ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ይጽፏቸዋል።